ብዥ ካለ የታፔላ ፎቶ ላይ ፎንቱን ለይቶ ማወቅ

በታፔላ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህ ጥያቄ አይቀርለትም። ደንበኛው ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው፤ አዲሱ ታፔላ ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ይፈልጋል። የመጀመሪያውን የሠራው ባለሙያ አሁን የለም፣ ፋይሉም ጠፍቷል። የቀረው ከሚኒባስ ውስጥ በስልክ የተነሳ አንድ ብዥ ያለ ፎቶ ነው።

ከእንዲህ ያለ ፎቶ ፎንት መለየት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ገና ከመነሻው ነው፤ ፎቶውን ለማጥራት ይሞክራል። የማጥሪያ መሣሪያ የጠፋውን መስመር አይመልስም። ደብዛዛውን ጠርዝ እያጎላ ከፎንቱ ያልመጣ ማዕዘንና ጫፍ ይፈጥራል። ትክክለኛው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፎቶውን እንዳለ ትተው የሚጠረጥሯቸውን ፎንቶች በፎቶው ልክ ያደብዝዟቸው፣ ከዚያ ሁለቱን ያወዳድሩ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚህ ማወዳደር ያደርሳሉ።

ለምሳሌ ያህል አንድ ታፔላ እንውሰድ። ሰሌዳው 3 ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር ነው። ላይኛው መስመር «ግራንድ ሬስቶራንት» ይላል፣ ታችኛው ደግሞ በደማቅ የላቲን ፊደል Grand Restaurant ይላል። ከላቲኑ መስመር እንጀምራለን፤ በአማርኛው እንጨርሳለን።

1. ዋናውን ፎቶ ያግኙ፣ ፒክስል ይቁጠሩ

ፎቶው በቴሌግራም የሚላክልዎ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲላክ ይጠይቁ። እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀነሳል፣ ይጨመቃልም፤ በፊደሎቹ ዙሪያ የሚታየው ትርምስ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው። የስክሪን ቅጂ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው።

ዋናውን ፎቶ ሲያገኙ አጉልተው የትልቁን R ቁመት በፒክስል ይለኩ፤ የቋሚ ግንዱንም ውፍረት ይለኩ። ግንዱ ከ3 ፒክስል በታች ከሆነ የፊደሎቹን ጫፍ አቆራረጥ ለማንበብ አይድከሙ፤ በዚህ መጠን የሚታየው የቃሉ አጠቃላይ ቅርጽ ብቻ ነው። በእኛ ምሳሌ የ R ቁመት 46 ፒክስል፣ የግንዱ ውፍረት ወደ 10 ፒክስል ሆነ። ይህ በቂ ነው።

የምርጫ ዕድል ካለዎት ቀን ላይ የተነሳውን ፎቶ ይውሰዱ። መብራት ያለው ታፔላ ማታ ሲነሳ ብርሃኑ ከፊደሉ ጠርዝ አልፎ ይፈስሳል፤ ቀጭኑ ፊደል ወፍራም ይመስላል፣ በውስጡ ያለው ክፍተትም ይደፈናል።

2. ብዥታው ወደየት እንደሆነ ይወቁ

ሁሉም ብዥታ አንድ አይደለም። ካሜራው ትኩረቱን ስቶ ከሆነ ሁሉም ጠርዝ በእኩል ይደበዝዛል። የአንሺው እጅ ወይም መኪናው ተንቀሳቅሶ ከሆነ ግን ብዥታው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሳባል።

ይህን ለመለየት ክብ መሆኑን የሚያውቁትን ትንሽ ነገር ይፈልጉ፤ የብሎን ራስ፣ ከሩቅ የሚታይ አምፖል ወይም የ i ነጥብ ሊሆን ይችላል። ነጥቡ በሁሉም በኩል ከተነፋ የትኩረት ችግር ነው። እንደ ሩዝ ፍሬ ከረዘመ እንቅስቃሴ ነው፤ የረዘመበት ልክም የብዥታው ልክ ነው። በእኛ ፎቶ የሰሌዳው ብሎኖች ወደ ጎን 5 ፒክስል ያህል ረዝመዋል። ሚኒባሱ ወደፊት ይሄድ ስለነበር ይህ የሚጠበቅ ነው።

ይህን ማወቅ ጥቅሙ የትኛውን ማስረጃ ማመን እንዳለብዎ መንገሩ ነው። ወደ ጎን የተሳበ ብዥታ ቋሚ ጠርዞችን ያጠፋል፤ አግድም ጠርዞችን ግን ብዙም አይነካም። ስለዚህ በዚህ ፎቶ ላይ የግንዶችን ትክክለኛ ውፍረት አናምንም። የፊደል ጫፍ በአግድም የተቆረጠ መሆን አለመሆኑን ግን መመርመር እንችላለን።

3. ሰሌዳውን ቀጥ ያድርጉ

በጎን የተነሳ ታፔላ አንዱ ጫፉ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ሆኖ ይታያል። በጊምፕ `Perspective`፣ በፎቶሾፕ `Distort` የሚባለውን መሣሪያ ይዘው አራቱን የሰሌዳ ማዕዘኖች ወደ ትክክለኛ አራት ማዕዘን ይጎትቱ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አራት ማዕዘኑ ምን ያህል ሰፊ መሆን እንዳለበት ከፎቶው ብቻ አይታወቅም፤ በግምት ከጎተቱት ፊደሎቹን ራስዎ ሊለጥጧቸው ወይም ሊያጠቧቸው ይችላሉ። ስለዚህ የሰሌዳውን ልክ ከባለቤቱ ይጠይቁ። የእኛ 3 ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ስፋቱ ከቁመቱ 3.75 እጥፍ መሆን አለበት። ልኩን ማግኘት ካልቻሉ በሰሌዳው አጠገብ ያለ መጠኑ የሚታወቅ ነገር ይጠቀሙ፤ ለምሳሌ የብሎኬት ግድግዳ ወይም የታወቀ መጠን ያለው የበር ፍሬም።

4. የተደጋገሙ ፊደሎችን ያወዳድሩ

ፎንት ከመፈለግዎ በፊት ጽሑፉ ፎንት መሆኑን ያረጋግጡ። ብዙ ታፔላ በእጅ የተሳለ ነው፤ ለእንዲህ ያለው የሚፈለግ ፎንት የለም። Grand Restaurant የሚለው ጽሑፍ ለዚህ ፈተና የተመቸ ነው፤ a ሦስት ጊዜ፣ n፣ r እና t ደግሞ ሁለት ሁለት ጊዜ አሉበት።

ሦስቱን a ቆርጠው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የክፍተታቸው ቅርጽ አንድ ከሆነ ፎንት ነው። አንዱ ወደ ታች የወረደ፣ አንዱ ሰፋ ያለ ከሆነ በእጅ የተሳለ ነው።

መደጋገሙ ሌላም ጥቅም አለው። በአንደኛው t አናት ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ሁለተኛውን t ይመልከቱ። እዚያ ከሌለ ቆሻሻ ወይም ብሎን እንጂ የፊደሉ አካል አይደለም።

5. የቃሉን ርዝመት ይለኩ

አሁን ሰፊውን ቡድን እናጥብብ። በፊደሎቹ ጫፍ ላይ ትንንሽ እግር አለ ወይስ የለም? a ባለ ሁለት ፎቅ ነው ወይስ እንደ ፉቱራ ክብና ግንድ ብቻ? በምሳሌአችን እግር የለም፣ a ባለ ሁለት ፎቅ ነው፣ ፊደሎቹም ደማቅ ናቸው። በአዲስ አበባ ታፔላዎች ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያጋጥም ቀድመው ሊጠረጠሩ የሚገባቸው ኤሪያልና ሄልቬቲካ ናቸው።

ቀጥሎ Restaurant የሚለውን ቃል ርዝመት በ R ቁመት ያካፍሉ። በደማቁ ኤሪያል ውጤቱ ወደ 7.2፣ በመደበኛው ደግሞ ወደ 6.7 ይመጣል። በፎቶአችን የቃሉ ርዝመት 396 ፒክስል ነው። ብዥታው በርዝመቱ ላይ የጨመረውን 5 ፒክስል ስንቀንስ 391 ይቀራል፤ ለ46 ሲካፈል 8.5 ነው። ከ7.2 ጋር አይገጥምም።

ይህ ማለት ፎንቱ ሌላ ነው ማለት ነው? ላይሆን ይችላል። G ን ይመልከቱ። በኤሪያልም በሄልቬቲካም G ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ ጥቂት ይበልጣል። በፎቶው ግን ስፋቱ ከቁመቱ በልጧል። ታፔላ ሠሪው ቃሉ ሰሌዳውን እንዲሞላለት በኮምፒውተር ወደ ጎን ለጥጦታል፤ 8.5 ለ7.2 ሲካፈል መለጠጡ ወደ 18 በመቶ ነው። ይህ በታፔላ ሥራ ላይ በየቀኑ የሚደረግ ነገር ስለሆነ ልኬቱ አልገጥም ባለ ቁጥር ዕጩውን ከመጣልዎ በፊት መለጠጥን ይጠርጥሩ።

ርዝመት ሊነግረን የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ ኤሪያልን ከሄልቬቲካ አይለይም። ሄልቬቲካ በ1957 በስዊዘርላንድ በማክስ ሚዲንገርና በኤድዋርድ ሆፍማን የተሠራ ነው፤ ይህን ስም ያገኘው በ1960 ነው። ኤሪያል በ1982 በሞኖታይፕ ኩባንያ በሮቢን ኒኮላስና በፓትሪሺያ ሳውንደርስ ለአይቢኤም ማተሚያ ማሽኖች ተሠራ። የእያንዳንዱ ፊደል ስፋት ከሄልቬቲካ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ስለተዘጋጀ በአንዱ የተጻፈ ገጽ በሌላው ሲተካ መስመሩ አይበላሽም። ስለዚህ ሁለቱን የሚለየው የፊደሎቹ ቅርጽ ብቻ ነው።

6. ጥቁሩን ሳይሆን ነጩን ያንብቡ

ብዥታ ቀድሞ የሚያጠፋው ጠርዝን ነው። በፊደሉ ውስጥና አጠገብ ያለው ክፍተት ግን ጠርዙ ከጠፋ በኋላም ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ፊደሉ ራሱ ምን እንደሚመስል ከመጠየቅ ይልቅ ባዶው ቦታ ምን እንደሚመስል ይጠይቁ።

ከ R ይጀምሩ። የኤሪያል R እግር ከሆዱ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ቀኝ ይወርዳል። ስለዚህ በግንዱና በእግሩ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ የሆነ ሦስት ማዕዘን ነው። የሄልቬቲካ R እግር ግን ጥቂት ከታጠፈ በኋላ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ባዶው ቦታ ከላይ እስከ ታች ስፋቱ ብዙ የማይለዋወጥ፣ በር የሚመስል ነው። በፎቶአችን ክፍተቱን በሁለት ቦታ ለካነው፤ ከላይ በኩልና ከመስመሩ አጠገብ። ልዩነቱ 2 ፒክስል ብቻ ሆነ። ይህ ወደ ሄልቬቲካ ያዘነብላል።

ቀጥሎ G ን ይመልከቱ፣ የታችኛውን ቀኝ ማዕዘኑን። ሄልቬቲካ እዚያ ወደ መስመሩ የሚወርድ ትንሽ ተረከዝ አለው፤ ኤሪያል የለውም። ብዥ ሲል ተረከዙ ራሱ አይታይም፤ ማዕዘኑ ግን በሄልቬቲካ ጠቆር ይላል፣ በኤሪያል ነጭ ሆኖ ይቀራል። በእኛ ፎቶ ልክ በዚያ ቦታ ብሎን ስላለ G መስካሪ ሊሆን አልቻለም። እንዲህ ሲሆን ማስረጃውን ወደሚፈልጉት ወገን አይግፉት፤ ይተዉት።

ሦስተኛው t ነው። የሄልቬቲካ t አናት በአግድም የተቆረጠ ነው፣ የኤሪያል ግን በሰያፍ። ብዥታችን ወደ ጎን ስለሆነ አግድም መቁረጫ ጥርት ብሎ መታየት አለበት፤ ሰያፍ ከሆነ ደግሞ አናቱ ቀስ በቀስ የሚጠፋ ጥላ ይሆናል። ሁለቱም t አናታቸው ጥርት ያለ ነው። ተመሳሳይ ልዩነት በ e እና በ s ጫፎችም ላይ አለ፤ በሄልቬቲካ ጫፎቹ በአግድም፣ በኤሪያል በሰያፍ ይቆረጣሉ። ይህ ግን ከ t ይልቅ ትንሽ ስለሆነ ለደጋፊነት እንጂ ለዋና ማስረጃነት አይሆንም።

ብዙዎች ወደ a ይሮጣሉ። በመደበኛው ሄልቬቲካ a ከታች በቀኝ በኩል ትንሽ ጭራ አለው፤ ኤሪያል የለውም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በደማቁ ሄልቬቲካ ያ ጭራ የለም። ታፔላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በደማቅ ስለሚጻፍ ጭራውን ያጣ ሰው በስህተት ኤሪያል ነው ይላል። ስለዚህ ደማቅ ጽሑፍ ላይ a ን አይቁጠሩ።

ፊደሉ ከአክሪሊክ ወይም ከእንጨት በማሽን የተቆረጠ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ ይጨምሩ። የሚሽከረከረው መቁረጫ ክብ ስለሆነ ወደ ውስጥ የገቡ ማዕዘኖችን ያከብባቸዋል፣ ወደ ውጭ የወጡትን ግን ስል አድርጎ ይቆርጣል። የውስጥ ማዕዘን ክብ መሆኑን አይተው ፎንቱ ክብ ጠርዝ አለው ብለው አይደምድሙ።

7. ዕጩውን ያደብዝዙ

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ደረስን። ያንኑ ጽሑፍ በሁለቱም ዕጩዎች ይጻፉ፤ አንዱን በደማቅ ኤሪያል፣ ሌላውን በደማቅ ሄልቬቲካ። ሁለቱንም የ R ቁመት 46 ፒክስል እስኪሆን አሳንሰው ወደ ጎን 118 በመቶ ይለጥጧቸው። የፊደሉንና የጀርባውን ቀለም ከፎቶው ላይ ይውሰዱ።

ከዚያ በፎቶሾፕ `Motion Blur`፣ በጊምፕ `Linear Motion Blur` የሚለውን መርጠው አቅጣጫውን 0 ዲግሪ፣ ርዝመቱን 5 ፒክስል ያድርጉ። ብዥታው የትኩረት ችግር ቢሆን ኖሮ በዚህ ፈንታ `Gaussian Blur` ይጠቀሙ ነበር።

ዕጩውን በፎቶው ላይ ደርበው የሌየሩን ሁኔታ `Difference` ያድርጉት። ሁለቱ በሚገጥሙበት ቦታ ጥቁር ይሆናል፤ በማይገጥሙበት ይበራል። ሙሉ በሙሉ የጠቆረ ውጤት አይጠብቁ፤ ጥላና አቧራ ሁልጊዜ ጥቂት ብርሃን ይተዋሉ። የሚፈልጉት የትኛው ዕጩ የት ቦታ እንደሚበራ ነው። በኤሪያል ስንደርብ ብርሃኑ በ R እግር ላይና በሁለቱ t አናቶች ላይ ተሰበሰበ። በሄልቬቲካ ግን ጎልቶ የበራው G አጠገብ ያለው ብሎን ብቻ ነበር።

ብርሃኑ በሁሉም ፊደል ላይ በእኩል ቢበራ ኖሮ ችግሩ የፎንት ሳይሆን የልክ ነበር፤ መለጠጡን ወይም ብዥታውን አስተካክለው እንደገና ይሞክሩ። የቃሉ መጀመሪያ ገጥሞ መጨረሻው እየራቀ ከሄደ ደግሞ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተመልሰው ሰሌዳውን እንደገና ቀጥ ያድርጉ።

8. ፍርድ ይስጡ፣ ስሙንም ይጠርጥሩ

ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች አንድ ነገር ሲናገሩ፣ ሦስተኛውም ሳይቃወም ሲቀር «ነው» ይበሉ። አንድ ፊደል ብቻ ከመሰከረ «ይመስላል» ይበሉ። ፊደሎቹ እርስ በርሳቸው ከተጋጩ ምናልባት ሦስተኛ ፎንት ነው፤ ወደ አምስተኛው ደረጃ ይመለሱ። በእኛ ታፔላ R እና t ተስማምተዋል፣ G ድምፅ አልሰጠም። የሄልቬቲካ ቅርጽ ነው።

«የሄልቬቲካ ቅርጽ» ማለታችን በምክንያት ነው። ዊንዶውስ ከ1992 ጀምሮ ይዞ የሚመጣው ኤሪያልን ነው፤ ሄልቬቲካን አይደለም። ታዲያ በዊንዶውስ የሚሠራ ታፔላ ሠሪ ይህን ቅርጽ ከየት አመጣው? ብዙ ጊዜ መልሱ ኮረልድሮው ነው። ከፕሮግራሙ ጋር ከመጡት ፎንቶች መካከል ስዊስ 721 የሚባለው አለ፤ ይህ ቢትስትሪም የተባለው ኩባንያ የሄልቬቲካን ቅርጽ ተከትሎ ያዘጋጀው ነው። ነፃ የሆነው ኒምበስ ሳንስም እንዲሁ ነው። 46 ፒክስል ከፍታ ባለው ብዥ ያለ ጽሑፍ ላይ እነዚህን ከሄልቬቲካ መለየት አይቻልም፤ ለአዲሱ ታፔላም ልዩነት አያመጣም። ኮረልድሮው ካለዎት በደማቅ ስዊስ 721 ይጀምሩ፣ ወደ ጎን 118 በመቶ ይለጥጡ።

9. የአማርኛው መስመር

ለ«ግራንድ ሬስቶራንት» የሚሠራው መንገድ ያው ነው፤ ዕጩዎቹና መስካሪ ፊደሎቹ ግን ይለያሉ። የላቲኑ መስመር ፎንት የአማርኛውን አይነግርዎትም፤ ሄልቬቲካም ሆነ ኤሪያል የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው አማርኛው የግድ ከሌላ ፎንት የመጣ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን ራ እና ሁለቱን ን አወዳድረው ፎንት መሆኑን ያረጋግጡ። ቀጥሎ የመስመሮቹን ውፍረት ይመልከቱ። በዊንዶውስ ያለው ንያላ በብዕር እንደተጻፈ ወፍራምና ቀጭን መስመር ያፈራርቃል። እዚያው ያለው ኢብሪማና የጉግሉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን መስመራቸው ይበልጥ እኩል ነው። ብዥታው ወደ ጎን ስለሆነ ቋሚ መስመሮች ከእውነቱ ወፍረው እንደሚታዩ አይርሱ፤ ስለዚህ ውፍረቱን በአግድም መስመሮች ላይ ይፍረዱ።

በመጨረሻ ቀለበት ያላቸውን ፊደሎች ይያዙ። የሬ እና የቶ ቀለበት ከፎንት ፎንት በመጠን፣ በክፍተትና ከግንዱ በሚጣበቅበት ቦታ ይለያያል። ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ ብዥታ ሊደፍነው ይችላል፤ ስለዚህ ቀለበቱ ክፍት ነው ወይስ ድፍን የሚለውን አደብዝዘው ሳያወዳድሩ አይወስኑ። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮችም የየራሳቸው ፎንቶች ስለነበሯቸው ታፔላው አሮጌ ከሆነ የዊንዶውስ ፎንቶች ብቻ ተፈትነው ፍለጋው አያበቃም።

ፎንቱን አግኝተው አዲሱን ታፔላ ሲያስረክቡ የፎንቱን ስም፣ የተለጠጠበትን መጠንና የቀለሙን ቁጥር በደረሰኙ ላይ ይጻፉ፤ በሰሌዳው ጀርባም በማይለቅ ቀለም ይድገሙት። ለሦስተኛው ቅርንጫፍ ታፔላ የሚሠራው ባለሙያ ያኔ ከብዥ ፎቶ ጋር መታገል አይኖርበትም።